ሥራ ሲቀይሩ ጡረታዎ የት ይደርሳል? በአዲሱ ሥራ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መደረግ ያለባቸው ነገሮች

ከአንድ የሥራ ቦታ ወጥቶ ወደ ሌላ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ደመወዙ ስንት ነው? መጓጓዣ ይከፍላሉ ወይ?» ብሎ ነው። ስለ ፔንስያ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ቢጠይቅም «እኛ ዘንድ ፔንስያ የሚጀምረው ከስድስት ወር በኋላ ነው» የሚል መልስ ይሰጠውና አመስግኖ ይሄዳል። ይህ መልስ ለአንዳንዱ ሠራተኛ ትክክል ነው። ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ ፔንስያ ሲቆረጥለት ለነበረ ሰው ግን ትክክል አይደለም። ልዩነቱ በብዙ ሺህ ሼቄል የሚቆጠር ነው፤ ሰው ከታመመ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህን አንድ ጉዳይ ቀስ ብለን እንየው።

ሁለት ልዩ ልዩ ከረጢቶች

በመጀመሪያ፣ ከደመወዝዎ ላይ ለእርጅና የሚቆረጠው ገንዘብ ወደ ሁለት ቦታ እንደሚሄድ እንለይ።

አንዱ ወደ ቢቱዋሕ ለኡሚ ይሄዳል። ይህ የመንግሥት መድን ነው። ሰው ዕድሜው ሲደርስ የሚያገኘው የአረጋውያን አበል፣ ሥራ ሲያጣ የሚያገኘው ክፍያ፣ ሲጎዳም የሚያገኘው እርዳታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህ ገንዘብ በስምዎ በተለየ ሣጥን አይቀመጥም፤ የሁሉም የጋራ ነው።

ሁለተኛው ወደ ጡረታ ፈንድ (ኬረን ፔንስያ) ይሄዳል። ይህ በስምዎና በመታወቂያ ቁጥርዎ የተከፈተ የራስዎ ሒሳብ ነው። እርስዎም ያስገባሉ፣ አሠሪዎም ያስገባል። ሥራ ሲቀይሩ ሒሳቡ የእርስዎ እንደሆነ ይቆያል፤ የድሮው አሠሪ ሊወስደው አይችልም።

ሰዎች «ጡረታ» ሲሉ ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። «ቢቱዋሕ ለኡሚ እየተቆረጠብኝ ነው፣ እንግዲያው ፔንስያ አለኝ» ብሎ ለዓመታት የሠራ ሰው አለ። ቢቱዋሕ ለኡሚ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ይቆረጣል። ፔንስያ ግን በደመወዝ ወረቀቱ (ትሉሽ) ላይ ለብቻው ተጽፎ መታየት አለበት።

ስድስት ወር ወይስ ሦስት ወር?

በእስራኤል አገር ከ2008 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ እያንዳንዱ አሠሪ ለሠራተኛው ፔንስያ የማስገባት ግዴታ አለበት። ግዴታው ወንድን ከ21 ዓመት፣ ሴትን ከ20 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ይመለከታል። በወር ሙሉ የሚሠራውንም፣ በቀን ሁለት ሰዓት የሚሠራውንም ያካትታል።

ከ2017 ጀምሮ ዝቅተኛው ክፍያ እንዲህ ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ 6 ከመቶ ይቆረጣል። አሠሪው ከራሱ 6.5 ከመቶ ይጨምራል። ለስንብት ክፍያ (ፒጹይም) ደግሞ ሌላ 6 ከመቶ ያስገባል። በድምሩ 18.5 ከመቶ ነው። በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ላይ ላሉት የተለየ ትዕዛዝ ስላለ ድርሻው ከዚህ ከፍ ይላል። በእነዚህ ሥራዎች ያላችሁ 18.5 ከመቶን እንደ ሙሉ መብት አትቀበሉ።

ክፍያው የሚጀምርበት ጊዜ ግን እንደ ሠራተኛው ሁኔታ በሁለት ይከፈላል።

ሥራ ሲጀምር ምንም የፔንስያ መድን የሌለው ሰው፣ ለምሳሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የሚገባ ወጣት፣ ስድስት ወር ይጠብቃል። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ይገባለታል፤ ያለፈው ስድስት ወር አይከፈለውም።

ሥራ ሲጀምር በሌላ ቦታ የተከፈተ የፔንስያ መድን ያለው ሰው ግን መብቱ የሚጀምረው ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ነው። አሠሪው ገንዘቡን እስከ ሦስት ወር ሊያዘገይ ይችላል። ሦስት ወር ሲሞላ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ሁሉ ማስገባት አለበት። ሦስት ወሩ ከመሙላቱ በፊት ዓመቱ ካለቀ ደግሞ ዲሴምበር 31 ላይ ይከፍላል። ለምሳሌ በኖቬምበር መጀመሪያ ሥራ የገባ ሰው እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ አይጠብቅም።

እንግዲህ ሥራ የቀየረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ወገን ነው። ችግሩ አዲሱ አሠሪ ይህን ከራሱ አያውቅም፤ ካልነገሩት እንደ አዲስ ሠራተኛ ይቆጥርዎታል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር

አንድ የ59 ዓመት ሰው እንውሰድ። በአንድ ማሸጊያ ፋብሪካ ለ8 ዓመት ሠርተዋል። በጁን 2025 መጨረሻ በራሳቸው ፈቃድ ወጡ። ጁላይን ቤት አሳለፉና ኦገስት 1 ቀን ለቤታቸው ቅርብ በሆነ ሌላ ፋብሪካ ጀመሩ። ደመወዛቸው በወር 7,000 ሼቄል ነው።

ከ7,000 ሼቄል 6 ከመቶ 420 ሼቄል ነው፤ ይህ የእሳቸው ድርሻ ነው። አሠሪው 6.5 ከመቶ፣ ማለት 455 ሼቄል ይጨምራል። ለስንብት ሌላ 420 ሼቄል። በወር በጠቅላላው 1,295 ሼቄል ወደ ፈንዱ ይገባል።

በትክክለኛው መንገድ ከሄደ፣ ሦስት ወሩ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ይሞላል። በኖቬምበር አሠሪው የኦገስትን፣ የሴፕቴምበርንና የኦክቶበርን አንድ ላይ ያስገባል። ሦስት ጊዜ 1,295 ማለት 3,885 ሼቄል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቁ። የሠራተኛው የራሱ ድርሻ ባለፉት ወራት ካልተቆረጠ፣ የሦስቱ ወር በአንድ ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል፤ በምሳሌያችን 1,260 ሼቄል ነው። የዚያ ወር ደመወዝ አንሶ ሲያዩ «ሰረቁኝ» አይበሉ። ወረቀቱን አንብበው፣ ከእሱ ትይዩ የአሠሪው ድርሻም ለሦስት ወር መግባቱን ያረጋግጡ።

በስህተት መንገድ ከሄደ ግን አሠሪው ስድስት ወር ይቆጥራል። ፔንስያው የሚጀምረው በፌብሩዋሪ 2026 ይሆናል። ለስድስቱ ወር ሠራተኛው ከአሠሪው ኪስ ያጡት በወር 875 ሼቄል ነው፤ በስድስት ወር 5,250 ሼቄል። የራሳቸው ድርሻም አልተቀመጠም።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ጉዳት

የፔንስያ ፈንድ ለእርጅና ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አጠቃላይ የሚባለው ፈንድ (ኬረን ፔንስያ መኪፋ) ግን ሁለት ሌሎች ነገሮችም አሉት። ሰው ታሞ መሥራት ካቃተው፣ እንደ ውሉ እስከ ደመወዙ 75 ከመቶ የሚደርስ ወርኃዊ ክፍያ ይሰጠዋል። ቢሞት ደግሞ ለሚስትና ለትንንሽ ልጆች ወርኃዊ አበል ይከፍላል።

ይህ ሽፋን ክፍያው በተቋረጠ ማግሥት አይጠፋም። ፈንዱ ለአምስት ወር ያህል በራሱ ያቆየዋል፤ ዋጋውንም ከተጠራቀመው ገንዘብዎ ላይ ይወስዳል። አምስት ወሩ ሲያልፍ ግን ሽፋኑ ይቆማል። ከዚያ በላይ ሥራ ፈትቶ የሚቆይ ሰው አምስቱ ወር ከማለቁ በፊት ወደ ፈንዱ ደውሎ፣ ለሽፋኑ ብቻ እየከፈለ ማራዘም ይችላል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የመጨረሻው ክፍያ የጁን ነበር። አምስቱ ወር ጁላይ፣ ኦገስት፣ ሴፕቴምበር፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር ናቸው። አዲሱ አሠሪ በኖቬምበር ወደ ኋላ ተመልሶ ከከፈለ ክሩ አይበጠስም። አሠሪው ስድስት ወር ከቆጠረ ግን በዲሴምበርና በጃንዋሪ እኚህ አባት ያለ ሽፋን ይሠራሉ።

ነገሩ በሁለቱ ወር ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሽፋኑ ተቋርጦ እንደገና ሲጀምር እንደ አዲስ አባል ይቆጠራሉ፤ አዲስ አባል ደግሞ የ60 ወር የጥበቃ ጊዜ አለው። በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ፣ ከዚህ በፊት በነበረ በሽታ ምክንያት መሥራት ቢያቅታቸው ፈንዱ ላይከፍል ይችላል። የቆየ ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት የ59 ዓመት ሰው ለዚህ ነው ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት። በፌብሩዋሪ 2026 እንደገና የተጀመረ ጥበቃ እስከ 2031 መጀመሪያ ይሄዳል። ሽፋኑ በጣም የሚያስፈልግበት ዕድሜ ደግሞ ያ ነው።

ለአዲሱ አሠሪ ምን ይሰጣል?

ሥራ በሚጀምሩበት ሳምንት ከፈንድዎ አንድ ወረቀት ያስወጡ። የፈንዱ ስም፣ የአባልነት ቁጥርዎና ሒሳቡ በስምዎ መሆኑ የተጻፈበት ማረጋገጫ ነው። ቤትዎ የሚላክልዎት ዓመታዊ ሪፖርትም እነዚህን ይዟል። ቅጂውን ደመወዝ ለሚሠራው ክፍል ይስጡ። አብረውም «የፔንስያ መድን አለኝ፤ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ወደዚሁ ፈንድ ይግባልኝ» የሚል አጭር ደብዳቤ ይስጡ። ቀኑን ጽፈው አንድ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ። በአፍ መናገር አይበቃም። ከሦስት ወር በኋላ «አልነገርከንም» ቢባል ማስረጃው ያ ወረቀት ነው።

ፈንዱን የመምረጥ መብት የሠራተኛው ነው። አሠሪው «እኛ የምንሠራው ከዚህ ፈንድ ጋር ብቻ ነው» ሊል አይችልም። እርስዎ ምንም ካልመረጡ ግን ሌላ ፈንድ ውስጥ ያስገባዎታል። ያን ጊዜ ሁለት ሒሳብ ሊኖርዎት ይችላል፤ አንዱ ገንዘብ የሚገባበት፣ አንዱ የቆመ። ወደ አዲስ ፈንድ መግባት በራሱ ክፉ አይደለም፤ የአገልግሎት ክፍያው የሚያንስበት ጊዜም አለ። ነገር ግን የድሮው ገንዘብ ወደ አዲሱ መዛወሩንና የድሮው የአባልነት ዘመን ለጥበቃው ጊዜ መቆጠሩን በጽሑፍ ጠይቀው ይወቁ።

የድሮ ፈንድዎን ስም የማያስታውሱ ከሆነ፣ በገንዘብ ሚኒስቴር ስር ያለው ነጻ የፍለጋ ገጽ (ሃር ሃኬሴፍ) ያሳያል። አድራሻው itur.mof.gov.il ነው። የሚጠይቀው የመታወቂያ ቁጥርዎንና መታወቂያው የተሰጠበትን ቀን ነው። ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ በጥቂት ደቂቃ ይከፍትልዎታል። ውጤቱ በየትኛው ድርጅት ሒሳብ እንዳለዎት ይነግርዎታል፤ ከዚያ ወደ ድርጅቱ ራስዎ ይደውላሉ።

የስንብቱን ገንዘብ ማውጣት

ሠራተኛ ሲወጣ የድሮው አሠሪ ቶፌስ 161 የሚባል ቅጽ ሞልቶ ይሰጠዋል። በፈንዱ ውስጥ ያለው የስንብት ድርሻ የእርስዎ ነው፤ በዚህ ሕግ የገባው ገንዘብ በፈቃድዎ ቢወጡም ወደ አሠሪው አይመለስም። ከሥራ ያሰናበትዎ አሠሪው ከሆነ ደግሞ 6 ከመቶው ሙሉውን የስንብት ክፍያ ስለማይሸፍን፣ የጎደለውን የመሙላት ግዴታ አለበት። ሙሉው 8.33 ከመቶ ነው።

ጥያቄው ይህን ድርሻ አሁን ማውጣት ወይስ መተው ነው። በምሳሌያችን ደመወዙ ለ8 ዓመት 7,000 ነበር እንበል፤ የፈንዱን ትርፍና ወጪ እንተወው። በ96 ወር 124,320 ሼቄል ተጠራቅሟል። ከዚህ ውስጥ የስንብቱ ድርሻ 40,320 ነው። ይህን ካወጡ 84,000 ይቀራል።

ፈንዱ በጡረታ ጊዜ የተጠራቀመውን ገንዘብ ለአንድ ቁጥር አካፍሎ ወርኃዊ አበል ያወጣል። ቁጥሩ እንደ ዕድሜና እንደ ጋብቻ ሁኔታ ይለያያል፤ ለግምት 200 እንውሰድ። 124,320 ለ200 ሲካፈል በወር 620 ሼቄል ገደማ ይሆናል። 84,000 ለ200 ሲካፈል 420 ሼቄል። የስንብቱን ማውጣት እስከ ሕይወት ፍጻሜ በየወሩ 200 ሼቄል ያስቀራል ማለት ነው፤ የጡረታው አንድ ሦስተኛ ያህል።

ከባድ ዕዳ ያለበት ሰው ማውጣቱ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እስከ ተወሰነ ጣሪያም የስንብቱ ድርሻ ከግብር ነጻ ነው። ለጡረታ የተቀመጠው ዋናው ገንዘብ (ታግሙሊም) ግን ሌላ ነው። ከጊዜው በፊት የሚያወጣ ሰው ቢያንስ 35 ከመቶ ግብር ይከፍላል። ከእያንዳንዱ 10,000 ሼቄል 3,500 ይሄዳል። ስለዚህ በስልክ ደውለው «የተረሳ ገንዘብ አለዎት፣ እኛ እናወጣልዎታለን» ከሚሉ ሰዎች ይጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ የሚያወጡት የራስዎን ጡረታ ነው፤ ግብሩን መንግሥት፣ ኮሚሽኑን እነሱ ይወስዳሉ፣ የመድን ሽፋኑም አብሮ ይሄዳል። የማያውቁት ሰው በላከልዎት ስልክ ላይ በጣት አይፈርሙ።

ቢቱዋሕ ለኡሚስ?

በዚህ በኩል ያለው ሥራ ቀላል ነው፤ ቁልፉ ቶፌስ 101 ነው። ይህን ቅጽ ሥራ ሲጀምሩ ይሞላሉ፤ በየዓመቱ መጀመሪያም ያድሱታል። በቅጹ ላይ «ሌላ ገቢ አለዎት?» የሚለው ጥያቄ አለ። የድሮውን ሥራ ትተው የመጡ ሰው አሁን ሌላ ደመወዝ ስለሌለዎት፣ ይህ ሥራ ብቸኛው መሆኑን ማመልከት አለብዎት። በስህተት ሌላ አሠሪ እንዳለ ከሞሉ፣ ይህ ሁለተኛ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በ2025 ከሠራተኛ ደመወዝ እስከ 7,522 ሼቄል ድረስ ለቢቱዋሕ ለኡሚና ለጤና መድን የሚቆረጠው 4.27 ከመቶ ነበር። ከዚያ በላይ ባለው ላይ 12.17 ከመቶ ነበር። በ7,000 ሼቄል ደመወዝ ትክክለኛው ቅነሳ 299 ሼቄል ገደማ ነው። እንደ ሁለተኛ ሥራ ከተቆጠረ 852 ሼቄል ገደማ ይቆረጣል። በወር ከ550 ሼቄል በላይ ልዩነት ነው። የገቢ ግብሩም እንዲሁ ይጨምራል፤ እስከ 47 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። በእውነት ሁለት ሥራ ያላችሁ ደግሞ ከግብር ባለሥልጣን የግብር ማስተካከያ (ቴኡም ማስ)፣ ከቢቱዋሕ ለኡሚም የክፍያ ማስተካከያ ጠይቃችሁ ለሁለተኛው አሠሪ ስጡ።

በሁለቱ ሥራዎች መካከል ምንም ያልሠሩበት ሙሉ ወር ካለ፣ ቢቱዋሕ ለኡሚ ለዚያ ወር ዝቅተኛውን ክፍያ ሊጠይቅዎት ይችላል። ደብዳቤው ሲመጣ አይጣሉት፤ ሥራ ያቆሙበትንና የጀመሩበትን ቀን ይዘው ይመልሱ። ባል ያላት የማትሠራ የቤት እመቤት ከዚህ ክፍያ ነጻ ናት።

የአረጋውያን አበል እየተቀበሉ የሚሠሩ ሰዎች ከደመወዛቸው ላይ ቢቱዋሕ ለኡሚ አይቆረጥባቸውም። ግን አዲሱ አሠሪ ይህን የሚያውቀው ከቢቱዋሕ ለኡሚ ማረጋገጫ ሲቀርብለት ነው። ሥራ ከቀየሩ ያን ወረቀት እንደገና ማቅረብ አለብዎት፤ የድሮው አሠሪ የያዘው ቅጂ አብሮዎት አይሄድም።

ገንዘቡ መግባቱ በምን ይታወቃል?

በደመወዝ ወረቀት ላይ መጻፉና ገንዘቡ ፈንዱ ዘንድ መድረሱ ሁለት ነገር ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ይመልከቱ። በወረቀቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይፈልጉ፤ የእርስዎ ድርሻ፣ የአሠሪው ድርሻና የስንብት። አንዱ ብቻ ካለ ጠይቁ።

ቀጥሎ፣ አራተኛው ወር ሲገባ ወደ ፈንዱ ደውለው «ከአዲሱ አሠሪዬ ለየትኞቹ ወራት ገንዘብ ገባ?» ብለው ይጠይቁ። የወሮቹን ስም አንድ በአንድ ያስነግሩ። በምሳሌያችን ኦገስት የሚለው ስም ካልተጠራ፣ ወደ ኋላ አልተከፈለም ማለት ነው። ያን ጊዜ ያስቀሩትን ደብዳቤ ይዘው ለአሠሪው በጽሑፍ ይጠይቁ። ከሠራተኛው ቆርጦ ወደ ፈንዱ አለማስገባት ደግሞ በሕግ ወንጀል ነው። መልስ ካልተገኘ ወደ ሥራ ሚኒስቴር አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ የሂስታድሩት አባል የሆነ ሰውም ወደዚያ መሄድ ይችላል።

ቀኑን በቀን መቁጠሪያዎ ላይ አሁኑኑ ምልክት ያድርጉበት፤ ሥራ ከጀመሩበት ቀን ሦስት ወር፣ የመጨረሻው የፔንስያ ክፍያ ከገባበት ወር ደግሞ አምስት ወር። የመጀመሪያው አሠሪው መክፈል ያለበት ቀን ነው። ሁለተኛው ሽፋንዎ የሚያልቅበት ነው። የደመወዝ ወረቀቶችዎን፣ ቶፌስ 161ንና የፈንዱን ዓመታዊ ሪፖርት በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ፤ የትዳር ጓደኛዎም የት እንዳለ ይወቅ።